ይጠበቅ፣ ክኒን ትውሰድ ወይስ ትጠረግ? 22 መልስ ያስከተለች ጥያቄ

ጥያቄዋን የለጠፍኳት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ ነበር። እህቴ ከጎኔ ተኝታለች፣ እኔ ደግሞ ስልኬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። የወሎ ልጆች በምንገናኝበት በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ሰርግ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ መንገድ ነው። ስለ ጽንስ መጨንገፍ የጠየቀ ሰው አላየሁም። ቢሆንም ጻፍኩት። መልሱ 22 ደረሰ፣ የውይይቱ ክርም ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ በቅደም ተከተል ልተርከው። የሰዎቹን ጽሑፍ አልገለብጥም፤ ምን እንዳሉ ብቻ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ደላንታ ነው የምትኖረው፣ ከወገል ጤና ወጣ ብሎ። ባሏ ኦፓል ይቆፍራል። ሁለት ልጆች አሏት፣ ይሄ ሦስተኛ እርግዝናዋ ነው። የመጨረሻ የወር አበባዋን ቆጥረን 9 ሳምንት ሆኗታል አልን። አንድ ቀን ጠዋት ቡናማ ፈሳሽ ልብሷ ላይ አየች። ጤና ጣቢያው አልትራሳውንድ እንድትነሳ ወደ ደሴ ላካት፣ እኔ ቤት አረፈች። ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ባለሙያው ስክሪኑን አየት አደረገና ሽሉ ሞቷል፣ ነገ ጠዋት መጥታ ማህፀኗን ትጠረግ አለን። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ወረቀቱ ላይ የሽሉ ርዝመት 5 ሚሊ ሜትር፣ የልብ ምት የለም፣ ከሥሩም ሚስድ አቦርሽን የሚል ተጽፏል። እኔም ሁሉንም እንዳለ ለጠፍኩና ጠየቅኩ፦ መጠረግ ግድ ነው? ክኒን አለ ይባላል። ዝም ብሎ መጠበቅስ ይቻላል?

1ኛው መልስ ከሐይቅ ነው። አንዲት እህት አብሽሪ ብላ ዱዓ አደረገችልን። ስለ ጥያቄው ምንም አላለችም፤ ግን ያን ማታ እሱም አስፈልጎኝ ነበር።

2ኛው የአንዲት የሸዋ በር እናት ነው። የሞተ ጽንስ ከሦስት ቀን በላይ ሆድ ውስጥ ካደረ ደሟን ይመርዘዋል፣ ሳትውል ሳታድር ትጠረግ አሉ። የጎረቤታቸውን ልጅም ለምሳሌ ጠቀሱ። አንብቤ እጄ ተንቀጠቀጠ።

3ኛዋ የወረኢሉ ሴት የእሳቸውን ተቃራኒ ጻፈች። እሷም በ9 ሳምንቷ አስወርዷት ያውቃል። ደም መፍሰስ ጀመራት፣ ቤቷ ተኛች፣ በአምስተኛው ቀን ሁሉም ወጥቶ አለቀ። መርፌም ክኒንም አላየችም። የሚጠርጉት ለገንዘብ ነው የሚል ነገርም ጣል አደረገች።

4ኛው ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። ክኒኑ ፍቱን ነው፣ አልትራሳውንድም ምንም አያስፈልግም፣ ማንም ሴት ገዝታ ቤቷ መውሰድ ትችላለች አለ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን በኋላ ዋጋውን ከፍሎበታል።

ክሩን ክር ያደረገችው ግን 5ኛዋ ናት። መርሳ አካባቢ ጤና ጣቢያ ለ14 ዓመት የሠራች አዋላጅ ነርስ ነኝ አለች። የጠየቅኩትን አልመለሰችም። መጀመሪያ እኔን ጠየቀችኝ፦ እህትሽ ከዚህ እርግዝና በፊት ምን ትጠቀም ነበር? የሦስት ወሩን መርፌ ነበር። ካቆመች ወዲህ የወር አበባዋ አንዴ መጥቶ አንዴ ይጠፋል። አዋላጇም ነገሩ እዚህ ጋ ነው ያለው አለች። መርፌ ያቆመች ሴት የወር አበባዋ ስለሚዛባ በእሱ የሚቆጠር 9 ሳምንት እምነት አይጣልበትም። ያረገዘችው ካሰብነው ሦስት ሳምንት ዘግይታ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ሽሉ ገና የ6 ሳምንት ነው፣ በዚያ ዕድሜ 5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ትክክል ነው፣ ልቡም ገና መምታት የሚጀምርበት ሰሞን ነው።

ስለዚህ ባለሙያዎች መስመር አስምረዋል። ሽሉ 7 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ ልቡ ካልመታ ሞቷል ይባላል። ከ7 በታች ከሆነ ግን አይባልም፤ ቢያንስ ከ7 ቀን በኋላ ደግሞ መታየት አለበት። ሽል የሌለበት ባዶ ከረጢት ከሆነ ደግሞ መስመሩ 25 ሚሊ ሜትር ነው። የእህቴ 5 ነበር። ነገ ትጠረግ ያለን ሰው ምናልባት ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን በዚያን ቀን ሊያውቀው የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። አዋላጇ ይህን የጻፈችው ያለ ምንም ቁጣ ነው። እኔ ነኝ የተቆጣሁት። 6ኛው መልስ የራሴ ነው፤ ቀጠሮውን ሰርዣለሁ ብቻ ነው የሚለው።

7ኛው ላይ አየሩ ተቀየረ። አንድ አባት፣ ከራሱ ቤት በደረሰ ነገር የተነሳ ይመስለኛል፣ በአዋላጇ ላይ ተነሳ። ለአንድ ሳምንት የውሸት ተስፋ መስጠት ጭካኔ ነው አለ። የእሱ ባለቤት ሁለት ሳምንት እንድትጠብቅ ተነግሯት ለሕፃኑ ስም እስከማውጣት ደርሳ ነበር። ከዚያ ያው ሆነ። ምን መልስ ይሰጠዋል?

አዋላጇ በ8ኛው ላይ አልተከራከረችውም። ተስፋ እየሰጠሁ አይደለም፣ ምናልባት መጥፎ ዜና ይሆናል ብዬ ነው የምነግራቸው አለች። ግን በሕይወት ያለ ጽንስ በስህተት ከተጠረገ መመለሻ የለውም። ሞቶ ከሆነ ደግሞ አንድ ሳምንት መቆየቱ ሴቲቱን አይጎዳትም፤ ደም እስካልበዛ፣ ትኩሳት እስካልመጣ ድረስ። ሰውየው ዳግም አልጻፈም።

9ኛው የከሚሴ ሰው ነው። ጥያቄዬን በሌላ ተረዳው። ባለቤቱ የ8 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት፣ ትንሽ ደም አይታለች፣ የልጁ ልብ ግን ይመታል፣ የማህፀኗም በር ዝግ ነው ተብሏል። እና ከሦስቱ የቱን እንምረጥ ብሎ ጠየቀ። ደንግጬ ነበር። አዋላጇ በ10ኛው ፈጥና ደረሰችለት። እናንተ የቆማችሁት በሌላ ሰልፍ ነው አለችው። ልቡ እየመታ የማህፀን በሩ ከተዘጋ የሚመረጥ ነገር የለም። ስጋት ነው እንጂ ውርጃ አይደለም፣ አብዛኞቹም እስከ መውለጃቸው ይቀጥላሉ። አልጋ ላይ ተኝቶ መዋል ጽንሱን እንደሚያተርፈውም አልተረጋገጠም። ስለዚህ ሚስትህን አልጋ ላይ አታስራት፣ ደሙ ከበዛ ወይም ቁርጠት ከመጣ ግን ውሰዳት አለችው። ሰውየው በአንድ መስመር ሦስቴ አመሰገነ።

11ኛው ከሪያድ ነው፤ ሰው ቤት የምትሠራ የኩታበር ልጅ። ስለ ምርጫ ምንም አላወራችም፣ የደረሰባትን ብቻ ነው የተረከችው። ከአገር ስትወጣ መጸነሷን አታውቅም ነበር። በሁለተኛው ወር ደም ፈሰሳት፤ አሠሪዎቿ እንዳያባርሯት ደበቀች። ደሙ ቀነስ ሲል አለፈ ብላ ወለሉን ማጠብ ቀጠለች። ከሳምንት በኋላ የሚወጣው ፈሳሽ ሽታው ለራሷ እንኳ የማይቻል ሆነ። የታችኛው ሆዷ ሲነካ ያማታል፤ በረመዳን ሙቀት ብርድ ብርድ እያላት ትንቀጠቀጣለች። የቤቱ አሮጊት ናቸው ሽታውን አውቀው ሆስፒታል ያስወሰዷት። በደም ሥር መድኃኒት ሰጥተው ያን ዕለት ጠረጓት። አዋላጇ ከሥሩ አንዲት ነገር ብቻ ጨመረች፦ ሽታና ትኩሳት ከመጣ ምርጫ የሚባል ነገር የለም፣ ክኒንም መጠበቅም ያበቃል፤ ፀረ ተሕዋስያን ተጀምሮ ወዲያው መጠረግ ነው። እንዲህ ከሌላ መልስ ሥር የተጻፉትን ለብቻ አልቆጠርኳቸውም።

12ኛው ሁላችንንም አበሳጨ። አንድ ሰው፣ ፎቶው ላይ የጦሳን ተራራ ያደረገ፣ እዚህ ስለ ውርጃ ማስተማር ነውር ነው፣ ወረቀቱ ራሱ አቦርሽን ይላል፣ ልጅቷ ያደረገችውን ለምን ትደብቃላችሁ አለ። እህቴን ነው! ስልኩን ልወረውረው ነበር።

የመለሰለት አንድ የወልዲያ አማርኛ መምህር ነው፤ 13ኛው። እንዲህ አድርጎ ነው ያስተካከለው። እናቶቻችን አስወረዳት ይላሉ፣ አስወረደችም ይላሉ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሳትፈልገው የደረሰባት ነው፣ እንደ ራባት ወይም አመማት። ሁለተኛው ራሷ ያደረገችው ነው። የሐኪም ወረቀት ይህ ልዩነት የለውም፤ ለሁለቱም አቦርሽን ብሎ ይጽፋል። ሚስድ የሚለው ደግሞ ሽሉ ከሞተ በኋላ ሰውነቷ ሳያውቀው፣ ሳያስወጣው ቆይቷል ለማለት ነው። እሱ ይህን ሲጽፍ ለካ ደላንታም አንድ ጎረምሳ ያንኑ ወረቀት ከስልክ ላይ ለአማቷ እያነበበላቸው ነበር። በማግስቱ አማቷ ደውለው የሆነውን ሲያጣሩ ከመምህሩ የተማርኩትን ነገርኳቸው። ዝም አሉ፤ ከዚያ እኔንም ሁለቴ አስወርዶኛል አሉኝ። ልጃቸው፣ የእህቴ ባል፣ እንኳ አያውቅም ነበር።

ከዚህ በኋላ ክሩ 11 ቀን ዝም አለ። እህቴ እኔ ቤት ሽሮ እየሠራች፣ ቡና እያፈላች ቆየች። ቡናማው ነገር አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል። ከዚያ ሌላ ቦታ ወሰድኳት፤ ባለሙያዋ ጊዜ ወስዳ አየቻት፣ ባልደረባዋንም ጠርታ አሳየች። ሽሉ ያው 5 ሚሊ ሜትር ነው። በ11 ቀን ምንም አላደገም፣ ልቡም የለም። 14ኛው መልስ የኔ ነው፦ ተረጋግጧል፣ አሁን ምን ትምረጥ?

15ኛው የአዋላጇ ነው፣ የክሩም ረጅሙ። ፍሬ ነገሩ የትኛው ዘዴ እንደሚሻል የሚወስነው የውርጃው ዓይነት ነው የሚል ነው። የወረኢሉዋ እህት በአምስት ቀን ያለቀላት እውነቷን ነው፤ ምክንያቱም የእሷ ደም መፍሰስና ቁርጠት ጀምሮ፣ የማህፀን በሯ ተከፍቶ፣ ግማሹ ወጥቶ የነበረ ነው። እንዲህ ያለው ሲጠበቅ በሁለት ሳምንት ከ10 ሴቶች ከ8 በላይ ለሚሆኑት በራሱ ያልቅላቸዋል። የእህትሽ ግን ገና አልጀመረም፤ በሩም ዝግ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ በሁለት ሳምንት የሚያልቅላቸው ከ10 ሴቶች 6 ያህሉ ናቸው። የቀሩት አንድ ወር፣ ከዚያም በላይ ሊጠብቁ ይችላሉ። አይጠበቅም ማለት አይደለም፤ መቼ እንደሚጀምር ግን ማንም አይነግርሽም።

የሸዋ በሯንም እናት በአክብሮት አረመቻቸው። እንግሊዝ አገር 1,200 ያህል ሴቶችን በሦስቱ ዘዴዎች አከፋፍለው ያወዳደሩ ሐኪሞች በ2006 ያወጡት ጥናት አለ። ኢንፌክሽን በሦስቱም ቡድን ከ100 ሴቶች 2 ወይም 3 ላይ ነው የታየው። መጠበቅ ብቻውን ደም አይመርዝም። እናትየው ምንም አልጻፉም፤ ግን የልብ ምልክት አደረጉላት።

በ16ኛው የወረኢሉዋ ሴት ተቀየመች። የሷ ታሪክ እንደ ቀላል ተቆጠረባት መሰላት። አዋላጇ አልመለሰችላትም፣ እኔ በውስጥ መስመር አዋራኋትና ታረቅን።

17ኛው ነው ወደ ጠቡ የወሰደን። በቦረና በኩል የሚሠራ ጤና መኮንን፣ ንግግሩ ኮስተር ያለ። ጥናቱን ግማሹን ብቻ ነው የነገርሻቸው አላት አዋላጇን። በዚያው ጥናት ከጠበቁት ሴቶች 100 ውስጥ 49ኙ ሳይታሰብ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ከተጠረጉት 8 ብቻ። ለንደን ላይ ሳይታሰብ መግባት ማለት ስልክ አንስቶ አምቡላንስ መጥራት ነው። ደላንታ ላይ በሌሊት ሳይታሰብ ማለት አራት ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት እስኪደርስ የሚፈሰው ደም ነው። እሱ ራሱ ነጭ ሆና የመጣች ሴት ተቀብሎ ያውቃል፤ ባሏ ጋቢው ሁሉ ደም ነበር። ስለዚህ ለገጠር ሴት መጠበቅን እንደ እኩል ምርጫ ማቅረብ ትክክል አይደለም አለ።

አዋላጇ እዚህ ላይ አልተሸነፈችም፣ አላሸነፈችምም። ስለ ርቀቱ ልክ ነህ አለች፤ ግን ጥያቄው የት ትኖራለች ሳይሆን እስኪያልቅ የት ታድራለች ነው። ይቺ ሴት አሁን የምታድረው ደሴ ነው። ደም ማነስ ካላት፣ ወይም ነገ ወደ ደላንታ የምትመለስ ከሆነ መጠበቅን እኔም አልመክራትም። እህቷ ቤት ከቆየች ግን ልንከለክላት አንችልም። እሱ እንግዲህ ሴቶች እቆያለሁ ይላሉ፣ ልጆቻቸው ትዝ ሲሏቸው በሦስተኛው ቀን ይሄዳሉ አለ። እውነቱን ነው፤ እህቴም ጠዋት ጠዋት የምታለቅሰው ለሽሉ ይሁን ለትንሿ ልጇ አላውቅም ነበር። ሁለቱ በዚህ ነጥብ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም።

በ18ኛው የኮምቦልቻው ልጅ ተመለሰ፤ እኔ ከመጀመሪያው ክኒን አላልኩም ወይ በሚል ስሜት። ጤና መኮንኑ አንዴ ተነስቶበታልና አልማረውም። ያለ አልትራሳውንድ የሰጠኻት ሴት ጽንሷ ከማህፀን ውጭ ቱቦ ላይ ቢሆንስ? ክኒኑ እሱን አያወጣውም፤ ደሙን ከክኒኑ ነው ብላ ቤቷ ትቀመጣለች፣ ቱቦው ይፈነዳል። ደግሞ የ9 ሳምንቷና የ5 ወሯ የሚወስዱት መጠን አንድ አይደለም፤ በቀዶ ጥገና የወለደችም የራሷ ጥንቃቄ አላት። ልጁ መጀመሪያ ተከራከረ፣ በኋላ ግን ሳይታዩ ለሚመጡት ምን ልበላቸው ብሎ በትሕትና ጠየቀ። መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ላካቸው፣ ተባለ።

19ኛው ላይ አንዲት እህት ስለ መጠረግ ጠየቀች። እናቷ በብረት ተፍቀው ሁለተኛ አልወለዱም፣ ትፈራለች። አዋላጇ ያ የድሮው ፍቀት ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም አትጠቀሙበት ካለ ቆይቷል አለቻት። አሁን ያለው ኤምቪኤ ነው፤ በእጅ የሚሳብ ትልቅ የፕላስቲክ መርፌ፣ 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ጫፉ ላይ ቀጭን ቱቦ የሚገባበት። የማህፀን በሩ አካባቢ ማደንዘዣ ይወጋል፤ ሴቲቱ ነቅታ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። አዋላጅም ጤና መኮንንም ይሠሩታል፣ ሐኪም መጠበቅ ግድ አይደለም። ከዚያ የምትወደውን ክፍል ተረከች። የወጣውን በወንፊት አጥባ፣ ንጹሕ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አድርጋ ከሥሩ መብራት ታበራበታለች። የእንግዴ ልጁ ሥር እንደተፈለቀቀ ጥጥ ተበታትኖ ይንሳፈፋል። እሱን ካየች ሥራዋ አልቋል። ካላየች ወይ ቀርቷል፣ ወይ ጽንሱ መጀመሪያም ማህፀን ውስጥ አልነበረም፤ ሴቲቱን አታሰናብታትም። የመጠረግ ጥቅሙ ያን ቀን ማለቁ ነው። መሣሪያ መግባቱን የማይፈልጉ ሴቶች ግን ብዙ ናቸው፣ ያም ምክንያት ነው።

መሀል ላይ ስለ ሾተላይም ተነስቶ ነበር። አንዱ ይሄ ሾተላይ ነው፣ ደሟ ይመርመር አለ። የደም ዓይነቷ መታወቁ ጥሩ ነው ተባለ፤ ግን ሁለት ጤነኛ ልጅ ወልዳ በሦስተኛው በ6 ሳምንት ላይ የቀረን ጽንስ በሾተላይ ማመካኘት አያስኬድም። በዚህ ዕድሜ የሚጨነግፈው ብዙ ጊዜ ሽሉ ራሱ ሲጀመር በሚበላሽ ዘር ምክንያት ነው። ውሃ ስለተሸከመች አይደለም። እህቴ ይቺን ሁለቴ አስነበበችኝ።

20ኛው የኔ ነው፤ የሆነውን የጻፍኩበት።

እህቴ ክኒኑን መረጠች። ምክንያቷ አጭር ነበር፦ መጠበቅ አልችልም፣ እግሬንም ከፍቼ መተኛት አልፈልግም። ደሟ ተለካ፣ ደህና ነው። ሆስፒታሉ አንዱን ክኒን እዚያው አስዋጣት፤ ሚፌፕሪስቶን ነው፣ ማህፀኑን የሚያዘጋጅ። አራቱን ሚሶፕሮስቶል ለማግስቱ ሰጥቷት ቤት መጣን። አሜሪካ ውስጥ በ2018 በወጣ ጥናት የመጀመሪያው ሳይኖር ሚሶው ብቻ ሲሰጥ ከ100 ሴቶች በ67ቱ በአንድ ዙር ሠርቷል፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ግን በ84ቱ። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ሚሶውን ብቻ ቢሰጧችሁ ሌላኛው የት ሄደ ብላችሁ ጠይቁ።

በማግስቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ኢቡፕሮፌን አስቀደመች፣ ከዚያ አራቱን ከምላሷ ሥር አደረገች። ግማሽ ሰዓት ይዛ የቀረውን በውሃ ዋጠችው። እንደ ኖራ ነው አለች። 9 ሰዓት ተኩል ላይ መንቀጥቀጥ ጀመራት፣ ትኩሳትም አላት። ሁለት ጋቢ ደረብኩላት። ይሄ ከክኒኑ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል፤ የሪያዷ ልጅ ዓይነት ትኩሳት የሚባለው በማግስቱም ካልለቀቀ ነው። 11 ሰዓት ላይ ቁርጠቱ መጣ። 11 ተኩል ላይ ደሙ።

አዋላጇ አንድ መለኪያ ሰጥታኝ ነበር፦ ትልቅ ሞዴስ ሁለት ሁለት እየሞላ በተከታታይ ሁለት ሰዓት ከሄደ ባጃጅ ጥሪ። ወረቀት ላይ እየጻፍኩ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ሰዓት 2 ሞላች። የባጃጁን ልጅ ደውዬ በር ላይ አቁም አልኩት። ሁለተኛው ሰዓት ሲጀምር ወደ ሽንት ቤት ገባች፣ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ላብ በላብ ነው፣ ወጣ አለችኝ። የጉበት ቁራጭ የመሰለ ነገር፣ መዳፍ የማይሞላ። ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሰዓት 1 ሞዴስ ብቻ፣ በሦስተኛው ግማሽ። የባጃጁን ልጅ እራት አብልቼ ሸኘሁት።

በ8ኛው ቀን ለማረጋገጥ አልትራሳውንድ ተነሳች፤ እንደ መጀመሪያው ያለ የግል ክሊኒክ ነው የወሰድኳት፣ ቅርብ ስለሆነ። ከረጢቱ የለም፣ ግን ማህፀኗ ውስጥ ወፈር ያለ ነገር ስላለ ቅሪት ነው፣ ትጠረግ ተባለ። እሷ ደግሞ ጠብ ጠብ ከሚል ደም በቀር ምንም የላት። ትኩሳት የለ፣ ሽታ የለ፣ ሕመም የለ።

21ኛው መልስ ላይ ሁለቱ ባለሙያዎች ለመጨረሻ ጊዜ ተጋጠሙ፤ እሱ ጻፈ፣ እሷ እዚያው ሥር መለሰች። ምስሉን ብቻ አይቶ መጥረግ ስህተት እንደሆነ ሁለቱም ይስማማሉ፤ ከክኒን በኋላ ማህፀን ወፍሮ መታየቱ የተለመደ ነው፣ የሚታከመው ደግሞ ሴቲቱ ናት። ግን ጤና መኮንኑ ነገ ወደ ደላንታ የምትሄድ ከሆነ እኔ እጠርጋታለሁ አለ፤ ደሙ መንገድ ላይ ቢነሳ ማን ይደርስላታል? አዋላጇ አንድ ሳምንት ትቆይና ደሙ ይቁም፣ ከዚያ ትሂድ አለች። ቶሎ ለማርገዝ ካላሰበች ደግሞ መከላከያውን ዛሬ ትጀምር፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልታረግዝ ትችላለች፣ ይሄን ማንም አይነግራቸውም። እህቴ የአዋላጇን መረጠች። በአምስተኛው ቀን ደሙ ቆመ። የጤና መኮንኑ ሐሳብ ግን አሁንም ከጭንቅላቴ አልወጣም፤ እኔ ደሴ ባልኖርስ?

22ኛው የባሏ ነው። ኔትወርክ የሚይዘው ጉብታው ላይ ወጥቶ የጻፈው። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦታል። ስለ ውርጃው አንድም ቃል አልጻፈም። ውሃውን ለሦስት ሳምንት እሱ እየቀዳ እንደሆነ፣ ጄሪካኑ ከሥሩ እንደሚያፈስና ይህንን ከዚህ በፊት ማንም እንዳልነገረው ጻፈ። ስትመጣ ባለ 20 ሊትር ገዝታ እንድትመጣ ለመነኝ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ የጄሪካን ዋጋ ውስጥ ገባና የመድረኩ ኃላፊ ክሩን ዘጋው።